የተቆረጠ ፎቶ ዳር ላይ የሚቀረው ነጭ ክር

ነጭ ግድግዳ ፊት የተነሳ ሰው ተቆርጦ ጥቁር አረንጓዴ ባክግራውንድ ላይ ሲለጠፍ፣ ቆራጩ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ በፀጉሩና በትከሻው ዙሪያ ቀጭን ነጭ ክር ተከትሎት ይመጣል። ሰውየው የተነሳው ሣር ላይ ከሆነ ክሩ አረንጓዴ፣ ከሰማይ ሥር ከሆነ ሰማያዊ ይላል። በሠርግ ባነር፣ በምረቃ ፎቶና በሱቅ ማስታወቂያ ላይ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም እንኳ ምስሉ የተለጠፈ መሆኑ ወዲያው የሚታወቀው በዚህ ክር ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው ጠርዙን አንድ ሁለት ፒክስል ወደ ውስጥ መከርከም ነው። ትከሻ ላይ ይህ ያስኬዳል። ፀጉር ላይ ሲሞከር ግን የተፈታው ዘለላ ሁሉ አብሮ ይቆረጥና ጭንቅላቱ በመቀስ እንደተከረከመ ካርቶን ይሆናል። መከርከም የሚያርመው ቅርጽን ነው፤ እዚህ የተበላሸው ግን ቀለሙ ነው።

አንድ ፒክስል አንድ ቀለም ብቻ ይይዛል። የፀጉር ዘለላ ደግሞ የፒክስልን ድንበር ጠብቆ አይበቅልም። ዘለላው የአንዱን ፒክስል ግማሽ ሸፍኖ በቀረው ግማሽ ግድግዳው ቢታይ፣ ካሜራው ሁለቱን ለያይቶ መመዝገብ ስለማይችል ቀላቅሎ አንድ ቀለም ያደርጋቸዋል። ሌንሱ በትክክል ካላነጣጠረ ወይም ሰውየው በመጠኑ ከተንቀሳቀሰ ቅልቅሉ ሰፍቶ ሦስት አራት ፒክስል ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ በማንኛውም ፎቶ ላይ በሰውየውና በግድግዳው መካከል ያለው ድንበር መስመር ሳይሆን የሁለቱም ቀለም ያለበት ጠባብ ሰቅ ነው።

ቆራጩ ፕሮግራም ማስክ ሲሠራ ለእያንዳንዱ ፒክስል ምን ያህሉ የሰውየው እንደሆነ ይወስናል። ግማሹ የሰውየው ከሆነ ፒክስሉን በግማሽ ግልጽ ያደርገዋል። ይህ ትክክል ነው፤ ችግሩ ማስኩ የነካው ግልጽነቱን ብቻ መሆኑ ነው። የፒክስሉ ቀለም እንደ ድሮው ግማሽ ፀጉር፣ ግማሽ ግድግዳ ሆኖ ይቀራል። ከማኪያቶ ግማሹ ተደፍቶ በምትኩ ውኃ ቢጨመር፣ በቀረው ግማሽ ውስጥ ወተቱ እንዳለ ነው።

ይህ አቀላቀል በአጭር ቀመር ይገለጻል። ለኮምፒውተር ምስሎች ሥርዓት አድርገው ያስቀመጡት በሉካስፊልም ይሠሩ የነበሩት ቶማስ ፖርተርና ቶም ዳፍ ሲሆኑ፣ ጽሑፋቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። የመጀመሪያው መስመር ቅልቅሉን ይናገራል፤ ሁለተኛው ያው መስመር ተገልብጦ የጠፋውን ቀለም መልሶ ያወጣል።

```
C = αF + (1 − α)B
F = (C − (1 − α)B) / α
```

C በፎቶው ላይ የታየው ቀለም ነው። F የፀጉሩ እውነተኛ ቀለም፣ B ደግሞ የአሮጌው ባክግራውንድ ቀለም ነው። α ፀጉሩ ከፒክስሉ ስንት እጁን እንደሸፈነ የሚናገር ከ0 እስከ 1 ያለ ቁጥር ነው፤ ባለሙያዎች አልፋ ይሉታል።

በቁጥር ሲታይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። የፀጉሩ ቀለም ጥቁር ቡናማ ነው እንበል፤ ቀይ 40፣ አረንጓዴ 30፣ ሰማያዊ 25። ግድግዳው ንጹሕ ነጭ ስለሆነ ሦስቱም 255 ናቸው። ፀጉሩ በግማሽ የሸፈነው ፒክስል በፎቶው ላይ 148፣ 143፣ 140 ሆኖ ይመዘገባል፤ ይህ አመድማ ቀለም ነው። አዲሱ ባክግራውንድ 20፣ 60፣ 40 የሆነ ጥቁር አረንጓዴ ይሁን። አመድማው ፒክስል በግማሽ ግልጽነት ሲለጠፍበት 84፣ 102፣ 90 ይሆናል። ሰውየው በእርግጥ አረንጓዴው ፊት ቆሞ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቦታ መገኘት የነበረበት 30፣ 45፣ 33 ነበር። የተለጠፈው ከሚገባው ከሁለት እጥፍ በላይ ደምቋል። ዓይን ነጭ ክር ብሎ የሚያየው ይህን ልዩነት ነው። ማስኩ ግን አልተሳሳተም፤ አልፋው ግማሽ መሆኑ ልክ ነበር። ፒክስሉ ከመለጠፉ በፊት ቀለሙ ወደ 40፣ 30፣ 25 ቢመለስና ግልጽነቱ ግማሽ እንደሆነ ቢቀር ውጤቱ ልክ ይሆን ነበር። የጠርዝ ቀለም ማጽዳት የሚባለው ሥራ ይህ ነው፤ ቅርጹ ሳይነካ ከቀለሙ ውስጥ አሮጌው ግድግዳ ይወጣል።

ቀመሩ በወረቀት ላይ ሁሉንም የሚፈታ ይመስላል፤ በሥራ ላይ ግን የሚያምነው እስከ ተወሰነ ድረስ ነው። ፀጉሩ ፒክስሉን አንድ አሥረኛ ብቻ የሸፈነበትን ቦታ እንውሰድ። እዚያ ከቀለሙ አሥር እጅ ዘጠኙ ግድግዳ ነው፤ ቀመሩ ያን ቀንሶ የቀረውን በአሥር ያባዛል። ስህተት ካለም አብሮ በአሥር ይባዛል። የስቱዲዮ ግድግዳ ወደ ጥግ ሲሄድ ይጠቁራል፤ እውነተኛው ቀለሙ 245 ሆኖ ሳለ 255 ነው ተብሎ ቢሰላ፣ የፀጉሩ ቀይ 40 መሆን ሲገባው ከዜሮ በታች 50 ይወጣል። ፕሮግራሙ ከዜሮ በታች ቀለም ስለማያውቅ ዜሮ ያደርገዋል፤ በነጩ ክር ፋንታ ጥቁር ክር ይመጣል። በዚህ የተነሳ ጥሩ መሣሪያዎች ሽፋኑ ስስ በሆነበት ቦታ ስሌቱን ትተው ቀላሉን መንገድ ይይዛሉ፦ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ካለው፣ ሙሉ በሙሉ የሰውየው ከሆነው ፒክስል ቀለም ወስደው ወደ ዳር ይዘረጋሉ። የፀጉር ጫፍ ቀለም ከሥሩ ብዙ ስለማይለይ ግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣል።

ከማጽዳት በፊት ክሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። የተቆረጠው ሌየር ሥር አንድ ወጥ ቀለም ያለው ሌየር ይደረግና በተራ ጥቁር፣ ነጭ፣ ከዚያም ደማቅ ሮዝ ይደረጋል። ከነጭ ግድግዳ የመጣ ክር ጥቁሩ ላይ ይጋለጣል፤ ከጨለማ ቦታ የመጣው ደግሞ ነጩ ላይ ይታያል። ሮዙ አረንጓዴና ሰማያዊ ክሮችን ያወጣል፤ በማስኩ ውስጥ የተረሱ ቀዳዳዎችንም እንዲሁ። ምስሉ በመቶ ፐርሰንት መጠኑ መታየት አለበት፤ ስምንት እጥፍ አጉልቶ የሚሠራ ሰው ማንም የማያየውን ፒክስል ሲጠግን ይውላል። ክሩ ከጠርዙ ተላቅቆ ትንሽ ወጣ ብሎ ከታየ፣ በክሩና በሰውየው መካከልም ባዶ ቦታ ካለ፣ ስህተቱ የማስኩ ነው፤ የግድግዳ ቁራጭ ሳይቆረጥ ቀርቷል ማለት ነው። ቀለም በማጽዳት አይድንም፤ ማስኩ ራሱ በጥቁር ብሩሽ መስተካከል ይኖርበታል። ይህ ሳይለይ ወደ ቀለም መሄድ ብዙ ሰዓት ያስበላል።

ፎቶሾፕ ለዚህ ሥራ ሁለት በሮች አሉት። የመጀመሪያው Select and Mask የሚባለው መስኮት ነው። ሰውየው ከተመረጠ በኋላ የፀጉሩ ዳር በ Refine Edge Brush ይታሻል፤ ይህ ብሩሽ የትኛው ፒክስል የፀጉር፣ የትኛው የግድግዳ እንደሆነ ፕሮግራሙ እንደገና እንዲያሰላ ያዘዋል። ከዚያ በታችኛው ክፍል Decontaminate Colors የሚለው ይበራል፤ የሚጸዳውም መጠን በ Amount ይወሰናል። ይህ ምርጫ የፒክስሎቹን ቀለም በእርግጥ ስለሚለውጥ ፕሮግራሙ ውጤቱን አሮጌው ሌየር ላይ ሳይሆን አዲስ ሌየር ላይ ያወጣል፤ New Layer with Layer Mask ቢመረጥ ማስኩ ኋላም ሊታረም ይችላል። መጠኑን እስከ መጨረሻ መግፋት ፈታኝ ነው፤ ሲበዛ ግን የቆዳ ቀለም ወደ ፀጉር፣ የሸሚዝ አንገትጌ ቀለም ወደ አንገት ይፈስሳል። ክሩ ከዓይን እስኪጠፋ ድረስ ጨምሮ እዚያው መቆም ይሻላል።

ሁለተኛው በር Layer > Matting ሥር ነው። እዚያ ያለው Defringe በፒክስል የሚለካ ስፋት ይጠይቃል፤ ለተራ የስልክ ፎቶ አንድ ወይም ሁለት ይበቃል። በዚያ ስፋት ውስጥ ያሉትን የጠርዝ ፒክስሎች ከውስጥ በኩል ባለው ቀለም ይተካቸዋል። ለልብስ፣ ለትከሻና ለዕቃ ጠርዝ ፈጣንና ታማኝ ነው፤ ለተበተነ ፀጉር ግን አንዱን ዘለላ ከሌላው ስለማይለይ ያደነዝዘዋል። እዚያው ሥር ያሉት Remove White Matte እና Remove Black Matte ከላይ የታየውን ቀመር ይሠራሉ፤ የመጀመሪያው ባክግራውንዱ ንጹሕ ነጭ፣ ሁለተኛው ንጹሕ ጥቁር ነበር ብሎ ይነሳል። ግድግዳው ከዚያ የራቀ ከሆነ ከላይ የተጠቀሰውን ጥቁር ክር የሚያመጡት እነዚህ ናቸው። በጂምፕ ለዚህ የሚቀርበው Colors > Color to Alpha ነው፤ ብልጫው የሚወገደውን ቀለም ተጠቃሚው ራሱ ከግድግዳው ላይ መምረጥ መቻሉ ነው። ሆኖም መላው ሌየር ላይ ከተሠራ የዓይን ነጭና ጥርስም ስለሚሳሳ፣ በጠርዙ ሰቅ ብቻ ተመርጦ መሠራት አለበት።

መሣሪያዎቹ የሚተዉትን እጅ ይጨርሰዋል። እንደውም በጥሩ ስቱዲዮዎች የመጨረሻው ሥራ ሁልጊዜ የእጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከተቆረጠው ሌየር በላይ ባዶ ሌየር ይከፈትና በ Create Clipping Mask ከታችኛው ጋር ይታሠራል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀባው ቀለም ከሰውየው ቅርጽ አይወጣም፤ ግማሽ ግልጽ የሆነውም ፒክስል ግማሽ ግልጽ እንደሆነ ይቆያል። በጂምፕ የሌየሩን አልፋ መቆለፍ ተመሳሳይ ጥቅም ይሰጣል። ብሩሹ ለስላሳ ይሆናል፤ ቀለሙ የሚወሰደው ከዚያው ዘለላ ሥር ነው፤ ግራና ቀኙ የፀጉር ክፍል ብርሃኑ ስለሚለያይ አንድ ቀለም ለሁሉም መጠቀም ፀጉሩን የተቀባ ያስመስለዋል።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው የብሩሹን ወይም የሌየሩን የአቀላቀል ስልት በመምረጥ ላይ ነው። Color የሚባለው ስልት የቀለሙን ዓይነት ይለውጣል እንጂ ድምቀቱን አይነካም። ስለዚህ አረንጓዴ ክርን ወደ ቡናማ ለመመለስ ተስማሚ ነው፤ ነጭ ክር ላይ ሲቀባ ግን ነጩ ክር ደማቅ ቡናማ ክር ሆኖ ይቀራል እንጂ አይጠፋም። በጥቁር ፀጉር ላይ ያለ ነጭ ክር Darken ይፈልጋል፤ ከተመረጠው ቀለም የደመቀውን ብቻ አጥቁሮ ቀድሞ የጠቆረውን ስለሚተው የፀጉሩ ውስጣዊ መልክ አይደፈንም። በተቃራኒው ከጨለማ ክፍል ተቆርጦ ብሩህ ሰማይ ላይ የተለጠፈ ነጭ ሸሚዝ ጥቁር ክር ይዞ ከመጣ Lighten ይሠራለታል።

ባለ ቀለም ክር ከነጩ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ ሁልጊዜ ከጠርዙ ቅልቅል ብቻ አይመጣም። ሣር ላይ የተቀመጠ ሰው አገጩና የነጭ ልብሱ ጫፍ ከሣሩ የነጠረውን አረንጓዴ ብርሃን ይቀበላል። ይህ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ጣት ያህል ሊዘልቅ ይችላል፤ Defringe ደግሞ ከውስጥ የሚወስደው ቀለም ራሱ አረንጓዴ ስለሆነ ምንም አያደርግለትም። የፊልም ሠሪዎች ከዚህ ጋር የቆየ ትግል አላቸው። የሰማያዊ መጋረጃ ቀረጻን በቀለማት ልዩነት ላይ የመሠረተው ፔትሮ ቭላሆስ የወረሰን ሐሳብ ዛሬም ይሠራል፦ የባክግራውንዱ ቀለም በሰውየው ላይ ከሌሎቹ ቀለማት እንዳይበልጥ መገደብ። ለአረንጓዴ ሲሆን የእያንዳንዱ ፒክስል አረንጓዴ ከቀዩና ከሰማያዊው አማካይ በላይ ከሆነ ወደ አማካዩ ይወርዳል። ቀይ 180፣ አረንጓዴ 175፣ ሰማያዊ 130 የነበረ አገጭ አረንጓዴው 155 ይሆንና የቆዳ መልክ ይመለስለታል። ሰውየው አረንጓዴ ጥለት ያለው ልብስ ከለበሰ ግን ያም አብሮ ስለሚደበዝዝ ሥራው በማስክ መከለል አለበት።

የሌንስና የፋይል ክሮችም አሉ። ርካሽ ሌንስ በብሩህ ሰማይና በጥቁር ነገር ድንበር ላይ ሐምራዊ መስመር ያሰፍራል፤ ይህ ከመቁረጥ በፊት በዋናው ፎቶ ላይ ቢታረም ይቀላል። ጄፔግ ፋይል ደግሞ ቦታ ለመቆጠብ ድምቀትን በሙሉ፣ ቀለምን ግን አብዛኛውን ጊዜ ለአራት ፒክስል አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘግባል፤ የሣሩ አረንጓዴ በዚህ የተነሳ ወደ ሰውየው ይገባል። በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል የተላከ ምስል ለመቁረጥ የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ እንደ ፎቶ ሲላክ እንደገና ይጨመቃል። ስልኮች ፎቶውን ለማሳል በጠርዝ ላይ የሚጨምሩት ብሩህ መስመርም ከነጩ ክር ጋር ይምታታል፤ የሚለየው ከሰውየው ውስጥም፣ ለምሳሌ በሸሚዝ ኪስና በመነጽር ክፈፍ ዙሪያ መታየቱ ነው።

ማጽዳት የማይችለው ነገርም አለ። ነጭ ነጠላ የለበሰች ሴት ነጭ ግድግዳ ፊት ከተነሳች የልብሱና የግድግዳው ቀለም አንድ ስለሆነ ከቅልቅሉ የትኛው የማን እንደሆነ የሚናገር ምልክት የለም። ክር አይታይም፤ ነገር ግን ጥቁር ባክግራውንድ ላይ ስትለጠፍ ስስ መሆን የሚገባው ነጠላ እንደ አቡጀዲ ድፍን ነጭ ይሆናል። ነጠላ ከዳር እስከ ዳር የሚያሳይ ጨርቅ ስለሆነ እንደ ጠርዝ ፒክስል መታየት ያለበት ሁለንተናው ነው። ማስኩ በእጅ ሊሳሳ ይገባል፤ መታጠፊያው ወፍራም፣ ነጠላ ሆኖ የተዘረጋው ሳሳ ያለ ሆኖ፤ ጥለቱ ግን እንዳለ ይተዋል። ከኋላ ፀሐይ የመታው ፀጉርም ሌላው አሳሳች ነው። በዙሪያው ያለው ብሩህ መስመር የባክግራውንድ ትርፍ ሳይሆን የፀጉሩ የራሱ ብርሃን ነውና ቢጸዳ ፀጉሩ ይሞታል። አዲሱ ባክግራውንድ ከኋላ ብርሃን የሌለው ከሆነ ችግሩ የፎቶ ምርጫ ነው።

ሥራው አልቆ ምስሉ በፒኤንጂ ሲቀመጥ ክሩ አንድ ጊዜ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። በዚህ ፋይል ውስጥ ሙሉ በሙሉ ግልጽ የሆነ፣ የማይታይ ፒክስልም የቀለም ቁጥር አለው፤ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ወይም ጥቁር ነው። ምስሉን የሚያሳንሰው ፕሮግራም አልፋውን ከግምት ሳያስገባ ጎረቤት ፒክስሎችን ካማከለ፣ የተደበቀው ነጭ ከፀጉሩ ጋር ይቀላቀልና በትንሹ ምስል ላይ አዲስ ነጭ ክር ይታያል። ትልቁ ምስል ንጹሕ ሆኖ ትንሹ ላይ ክር ከታየ ምክንያቱ ይህ ነው። መፍትሔው ሁለት ነው፦ ማሳነሱን በዚያው በተሠራበት ፕሮግራም ጨርሶ በሚፈለገው መጠን ማስቀመጥ፤ ወይም ፋይሉ ወደ ሌላ ፕሮግራም የሚሄድ ከሆነ የጠርዙን ቀለም ከማይታየው ክፍል ሥር ጥቂት ፒክስል ወደ ውጭ መዘርጋት። ለኅትመት የሚሄድ ባነር ከሆነ ግን ሰውየው ከአዲሱ ባክግራውንድ ጋር አንድ ላይ ተጨፍልቆ ስለሚላክ ግልጽ ፒክስል አይቀርበትም፤ ይህ ችግርም አይነሳም።